«ማስታወቂያዎን በጥሞና አንብቤያለሁ» ከማለት ሌላ ምን ይጻፋል?

ማታ_ማታ
ሰላም ለቤቱ። ኦንላይን ለሚለጠፉ ሥራዎች በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ሦስት ፕሮፖዛል ልኬ መልስ የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «ሥራው ተይዟል» ለማለት ነው። ሥራዬ የኤክሴል ፋይል ማጽዳትና ማዋሃድ ነው። ኮፒ ፔስት አላደርግም። እያንዳንዱን ማስታወቂያ ሁለቴ ነው የማነበው። ግን ማንበቤ በጽሑፌ ላይ አይታይም መሰለኝ፤ አንዳንዴ ለምን ዓይኔን እንደማደክም ይገርመኛል።

ዛሬ ጠዋት ያመለከትኩበትን ላስቀምጥላችሁ፣ ትርጉሙን ነው፦

«የኦንላይን ሱቃችንን ወደ ሾፒፋይ እያዛወርን ነው። ከሁለት አቅራቢዎች የመጣ 1,400 ረድፍ ገደማ የምርት ዝርዝር አለን። አንዱ መጠን በኢንች፣ ሌላው በሴንቲሜትር ነው የሚጽፈው። በአንድ ፋይል ተዋህዶ ለመጫን እንዲዘጋጅ እንፈልጋለን። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ሠርቶልን ነበር፤ ስንጭነው ግን ከምርት ኮዶቹ ግማሽ ያህሉ ከመጋዘናችን ዝርዝር ጋር አልገጠሙም፣ በ00 የሚጀምሩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት።»

እኔ የጀመርኩት እንዲህ ነው፦

«ሰላም፣ ማስታወቂያዎን በጥሞና አንብቤያለሁ፤ የሚፈልጉትንም በሚገባ ተረድቻለሁ። መረጃ በማጽዳት የአምስት ዓመት ልምድ አለኝ።»

ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ፈጣን_ጣት
እህቴ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደንበኛው የጻፈውን መልሰሽ ንገሪው። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ለምሳሌ፦ «ከሁለት አቅራቢዎች የመጣ፣ ኢንችና ሴንቲሜትር የተቀላቀለበት 1,400 ረድፍ ፋይል አዋህደው ወደ ሾፒፋይ መጫን እንደሚፈልጉ አይቻለሁ።» ቁጥሩ አለ፣ የሱቁ ዓይነት አለ፣ ሁሉም አለ። ከዚህ በላይ ማንበብ የለም። ስሙንም የድሮ ሠራተኞቹ ከጻፉለት ግምገማ ውስጥ ፈልገሽ ብትጠሪው ደግሞ ይደነግጣል 😄

ከወዲያኛው_ወንበር
እኔ ቀጣሪ ነኝ፤ በዓመት አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ሥራ እለጥፋለሁ። ከዚህኛው ወገን የሚታየውን ልንገራችሁ።

ፕሮፖዛሎቹ በዝርዝር ነው የሚመጡት። ፎቶ፣ ስም፣ ዋጋ፣ ከዚያ ከጽሑፉ የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት መስመር። የቀረውን ለማየት መክፈት አለብኝ። ሥራ በለጠፍኩ በመጀመሪያው ሰዓት ሠላሳ ከመጣ፣ ሠላሳውንም አልከፍትም። በጣቴ ወደ ታች እየሳብኩ ነው የማነበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ላይ። ስልክ ላይ ደግሞ መስመሩ አጭር ነው።

ማታ_ማታ፣ ያንቺ ሁለት መስመር በ«ሰላም» እና በ«አንብቤያለሁ» አለቀ። ሠላሳውም ሰው አንብቤያለሁ ይላል፤ ያላነበበው እንዲያውም ጮክ ብሎ ነው የሚለው።

ፈጣን_ጣት፣ ያንተ ከእሷ ይሻላል፤ ግን እንደዚህ ያለ መስመር ሳይ የሚመጣብኝ «ይህን ለእኔው ነው እንዴ የምትነግረኝ? የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ» የሚል ነው። መድገም ዓይንህ ቃላቶቹ ላይ ማለፉን ያሳየኛል። ገብቶህ እንደሆነ ግን አያሳየኝም። ስሜን ከድሮ ግምገማ ፈልቅቆ የሚጠራኝን ሰው ደግሞ እኔ በግሌ እሸሸዋለሁ።

ማስታወቂያውን እንደ ደንበኛ አንብቡት እስቲ። ማዋሃዱ፣ ኢንቹ፣ ሁለት ሳምንቱ ሥራ ናቸው። የሚያመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ገንዘብ ከፍሎ አሠርቶ፣ ጭኖ፣ ኮዶቹ አልገጠሙም። ያንን የጻፈው እጁ እያመመው ነው።

ማታ_ማታ
እሺ፣ ገባኝ። እንዲህ ብለው፦ «የምርት ኮዶቹ ያለመግጠም ችግር ገብቶኛል፤ በአስተማማኝ ሁኔታ አስተካክላለሁ»?

ከወዲያኛው_ወንበር
ወደ ቁስሉ ቀርበሻል፣ ግን አልነካሽውም። «ገብቶኛል» ያው «አንብቤያለሁ» ልብስ ቀይሮ የመጣ ነው።

ረድፍና_ዓምድ
ይህን ዓይነት ፋይል ለዓመታት ሠርቻለሁና እኔ ልግባበት። መስመሩን ከማሳመራችሁ በፊት ኮዶቹ ላይ ምን እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መስመሩ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ያለፈው ሠራተኛ ፋይሉን ሳያስብ በኤክሴል የከፈተው ይመስለኛል። የሲኤስቪ ፋይል በድርብ ጠቅታ ሲከፈት ኤክሴል ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል። `00417` የነበረው ኮድ `417` ይሆናል። ለኤክሴል ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለመጋዘኑ ግን አንዱ ዕቃ ነው፣ ሌላው ምንም አይደለም። ከዚያ ሰውየው ሴቭ ሲያደርግ ዜሮዎቹ ከፋይሉም ጠፉ። ኢንቹን በ2.54 አባዝቶ፣ አዋህዶ፣ አሳምሮ ላከ። ሥራው ሁሉ ልክ ነበር፣ ከመክፈቱ በቀር።

ደንበኛው ይህን አያውቅም። ግን ምልክቱን በደንብ ጽፎታል፦ «በ00 የሚጀምሩት»። የምርመራው ግማሽ እሱ ራሱ ነው የሠራው። ያላነበበ ሰው ያችን ሐረግ ያልፋታል፣ የዓረፍተ ነገር ጭራ ላይ ናትና።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦

«ያልገጠሙት በ00 የሚጀምሩት ብቻ ከሆኑ፣ ፋይሉ መሃል ላይ በኤክሴል ተከፍቶ የፊት ዜሮዎቹ የተቆረጡ ይመስለኛል፤ ኮዶቹ ሁሉም እኩል ርዝመት ነበራቸው?»

ሰላምታ የለም፣ ልምድ የለም፣ «አንብቤያለሁ» የለም። ጥያቄው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚያ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥያቄ ጣል አድርጉ ሲባል ሰዉ «መቼ መጀመር ይፈልጋሉ?» ይላል። ያ ጥያቄ መልሱ ምንም አይለውጥም። የርዝመቱ ጥያቄ ግን ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሁሉም ኮዶች ስድስት አኃዝ ከነበሩ፣ የጠፋውን ዜሮ በአንድ ፎርሙላ እመልሰዋለሁ፦

```
=TEXT(A2,"000000")
```

አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ ስድስት ከነበረ ግን `417` ድሮ `00417` ይሁን `000417` ከፋይሉ ብቻ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ያኔ አቅራቢዎቹ የላኩት ያልተነካ ፋይል መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ከመጋዘኑ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ነው። ዋጋውም ጊዜውም ሌላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለጌጥ የገባ አይደለም። ዋጋ ለመናገር በእርግጥ የምፈልገው ነገር ነው፣ ደንበኛውም ይህ ይገባዋል።

ከመላካችሁ በፊት መስመራችሁን አንስታችሁ ሌላ ማስታወቂያ ሥር አስቀምጡት። እዚያም ከቆመ ጣሉት። «ገብቶኛል፣ አስተካክላለሁ» የትም ይቆማል። ከላይ ያለው ከዚህ ማስታወቂያ በቀር የትም አይቆምም።

ብርቱካን_ቢ
ጋሽ ረድፍ እግዜር ይስጥልኝ! እኔ ጋም ስልክ ቁጥር ስጽፍ የፊቱ ዜሮ እየጠፋ አስቸግሮኛል። ኤክሴሌ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሴቲንግ አለው? እንደገና ልጫነው?

ረድፍና_ዓምድ
አልተበላሸም፣ አትጫኚው። ከመጻፍሽ በፊት ዓምዱን ቴክስት አድርጊው። ፋይል ከሆነ የምትከፍቺው በድርብ ጠቅታ ሳይሆን ከዳታ ሜኑ አስገቢውና ያንን ዓምድ ቴክስት በይው። ግን ክሩ ስለዚህ አይደለም 🙂

ቁልፍ_ያዥ
አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። ምክንያቱን በመጀመሪያው መስመር ላይ ነገርነው፤ ታዲያ ለምን ይቀጥረናል? «አሃ፣ ኤክሴል ነው ለካ» ብሎ ልጁን ጠርቶ ያሠራዋላ። እኔ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ መፍትሔውን ጻፍኩ፣ ሰውየው አመስግኖ ጠፋ። አሁን «ምክንያቱን አውቄዋለሁ፣ ስንነጋገር እነግርዎታለሁ» ብዬ ነው የምጀምረው።

ከወዲያኛው_ወንበር
ያንተን መስመር ያላወቀ ሰውም ሊጽፈው ይችላላ፤ ችግሩ እሱ ነው። ዘግተህ ያስቀመጥከው ሣጥን ውስጥ ዕቃ ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ?

ደግሞ ምክንያቱን ማወቄ 1,400 ረድፍ አያስተካክልልኝም። ዜሮዎቹ መቆረጣቸውን ዛሬ ብሰማ፣ ነገ ጠዋት ቁጭ ብዬ የማስተካክለው እኔ አይደለሁም። ጊዜ ቢኖረኝ መጀመሪያውኑ አልለጥፍም ነበር።

ቁልፍ_ያዥ
ለዚህኛው ፋይል እውነትዎን ነው። እኔ ላይ የደረሰው ግን ሥራው ራሱ አንድ መስመር ሆኖ ነው። አንድ ፎርሙላ ተሳስቶ ነበር፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ነገርኩት፣ አለቀ። እዚያ ላይ ምርመራውና ሥራው አንድ ናቸው።

ከወዲያኛው_ወንበር
እሱ ላይ መልስ የለኝም። ምናልባት ለእንደዚያ ዓይነቱ ማመልከትም አያዋጣ ይሆናል።

ሰብታይትል_ሠሪው
የራሴን ውርደት ልንገራችሁ፣ ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ። እኔ የቪዲዮ ግርጌ ጽሑፍ ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛ ለጠፈ፦ «የአንድ ሰዓት ዶክመንተሪ ነው፤ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ጽሑፉ ከድምፁ አራት ሰከንድ ይዘገያል።» እኔ «ይዘገያል» የምትለዋን ሳይ በደስታ ዘለልኩ። ጻፍኩለት፦ «ችግሩ የፍሬም ፍጥነት አለመግጠም ነው፤ ጽሑፉ በ23.976 ተሠርቶ ቪዲዮው 25 ነው።» «ይመስለኛል» የለ፣ «ምናልባት» የለ።

መለሰልኝ፣ አንድ መስመር፦ «ቢሆን ኖሮ አራት ሰከንድ ብቻ ይሆን ነበር?»

እውነቱን ነው። በ23.976 እና በ25 መሃል ያለው ልዩነት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳል። የእሱ ግን እስከ ሁለተኛው ክፍል ልክ ነበር፣ ከዚያ አራት ሰከንድ ሳተ፣ እዚያው ቆመ። ከሁለቱ ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ አራት ሰከንድ ተቆርጦ ነበር፤ በቃ። ሁለቱም ፍንጭ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበር፦ «ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ»፣ «አራት ሰከንድ»። አንዲት ቃል ይዤ ሮጥኩ። «አንብቤያለሁ» ብዬ ብቀር ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አለማንበቤ በማስረጃ አይያዝም ነበር።

ረድፍና_ዓምድ
ይህን ስለጻፍክ ደስ ብሎኛል፣ ለእኔም መስመር ማረሚያ ነው። «ብቻ ከሆኑ» እና «ይመስለኛል» ያልኩት ለትሕትና አልነበረም። ደንበኛው «በ00 የሚጀምሩት» አለ እንጂ «ሌሎቹ ሁሉ ገጥመዋል» አላለም። በሌላ ምክንያት ያልገጠሙ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ረጃጅም ባርኮዶች ለምሳሌ ኤክሴል ውስጥ `5.90123E+12` ዓይነት መልክ ይዘው በዚያው ሲኤስቪ ሆነው ሊቀመጡ ይችላሉ። ያላየሁትን ፋይል እርግጠኛ ሆኜ ብናገርለት አንተ የደረሰብህ ይደርስብኛል።

መስመሩን ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ማስታወቂያው ተመለሱና እያንዳንዱን ቁጥርና እያንዳንዱን «ከዚህ ጀምሮ» ከግምታችሁ ጋር አጋጥሙት። አንዱ እንኳ አልስማማ ካለ ግምቱን ጣሉት።

ጥግ_ላይ
ይቅርታ፣ እንደ አዲስ ሰው ልጠይቅ። «ግማሽ ያህሉ» የሚለውን ማንም አላነሳውም። አቅራቢዎቹ ሁለት፣ ያልገጠመው ግማሽ። ምናልባት ኮዱን በ00 የሚጀምረው አንደኛው አቅራቢ ብቻ ይሆን? ከሆነ «ያልገጠሙት ኮዶች ሁሉ የአንዱ አቅራቢ ናቸው?» ብሎ መጀመር አይሻልም?

ረድፍና_ዓምድ
ጎሽ! እኔ አላየሁትም። ሁለት ርቀው የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮችን ነው ያገናኘኸው፤ ደንበኛው ራሱ ሳያገናኛቸው። መልሱ «አዎ» ከሆነ የሁለተኛውን አቅራቢ ኮዶች መንካት አያስፈልግም፣ ኮድ የማስተካከሉ ሥራ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ግን ሁለቱንም በአንድ መስመር አታጭቋቸው። አንዱ መጀመሪያ፣ ሌላው ወደ ውስጥ። የቱ ይቅደም? እኔ አሁንም ዜሮዎቹን አስቀድማለሁ፣ ምክንያት ስለሚናገር።

ከወዲያኛው_ወንበር
እኔ ደግሞ እንደ ደንበኛ የጥግ_ላይን ነው የምከፍተው። «እንዴ፣ እውነት የአንዱ ናቸው እንዴ?» ብዬ ሄጄ አያለሁ። ፋይሌን እንድከፍት ያደረገኝን ሰው አልረሳውም። እዚህ ላይ አንስማማም፣ ይሁን።

ፈጣን_ጣት
እሺ ተሸንፌያለሁ 😄 ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንድ፦ ማስታወቂያው «ፕሮፖዛላችሁን ሰማያዊ በሚለው ቃል ጀምሩ» ሲልስ? ሁለት፦ ማስታወቂያው ራሱ «የኤክሴል ባለሙያ እንፈልጋለን፣ አስቸኳይ» ብቻ ሲሆን ምኑን አንብቤ ምኑን ላሳይ?

ከወዲያኛው_ወንበር
ቃሏን እኔም እጠቀማለሁ። ብቻዋን ከፊት አስቀምጣት፣ ነጥብ፣ ከዚያ መስመርህን ቀጥል። ቃሏ የምታሳልፍህ የመጀመሪያውን በር ብቻ ነው፤ «ሰማያዊ። ማስታወቂያዎን በጥሞና አንብቤያለሁ» የሚል ሰው በየጊዜው ይመጣል።

ሁለተኛውን እለፈው። ያልጻፈልህን ሰው ምን ብለህ ታነበዋለህ?

ረድፍና_ዓምድ
ሁልጊዜ ማለፍ የለበትም። አንዳንዱ ጽሑፉን ሁለት ቃል አድርጎ ፋይል ያያይዛል፤ ማስታወቂያው ያኔ ፋይሉ ነው። ክፈተው፣ አንድ ረድፍ አንሳ፦ «ባያያዙት ፋይል 212ኛው ረድፍ ላይ ቀኑ ከወሩ ጋር ቦታ የተቀያየረ ይመስላል» በል። ከሠላሳው አመልካች ስንቱ ፋይሉን የሚከፍት ይመስላችኋል? ፋይልም ከሌለ ከወዲያኛው_ወንበር እንዳሉት ነው።

ማታ_ማታ
ዝም ያልኩት እየሠራሁ ስለነበር ነው። የምሠራበት ድረ ገጽ ደንበኛው እስካልከፈተው ድረስ ፕሮፖዛል ማረም ይፈቅዳል፤ አልተከፈተም ነበር። «ሰላም»ንም «አንብቤያለሁ»ንም አጥፍቼ የጋሽ ረድፍን መስመር በራሴ አነጋገር አስገባሁ። የአቅራቢውን ጥያቄ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ አደረግኩት፤ የአምስት ዓመት ልምዴ ወደ መጨረሻው ወረደ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መለሰ!! ግን መልሱ እንዲህ ነው፦ «ዜሮዎቹ እንደጠፉ አሁን አየሁ። ርዝመት ስትይ ምን ማለትሽ ነው?»

ምን ልበለው? ስለ ፎርሙላው ላብራራለት?

ረድፍና_ዓምድ
አይ፣ ፎርሙላ አታሳዪው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥያቄውን ለራሴ በሚመች ቋንቋ ነው የጻፍኩት። «ርዝመት» ለእኛ የአኃዝ ብዛት ነው፤ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው፣ ያውም ኢንችና ሴንቲሜትር ያለበት ዝርዝር ይዞ፣ ርዝመት ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ስለ ዕቃው ቁመት የጠየቅሽው መስሎት ሊሆን ይችላል!

ኮድ አሳዪው፣ እሱ የሚያውቀው እሱን ነው፦ «በመጋዘናችሁ ዝርዝር ላይ እንደ 00417 ባለ አምስት አኃዝ እና እንደ 000398 ባለ ስድስት አኃዝ ኮዶች ጎን ለጎን አሉ? ወይስ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው?» ዝርዝሩን ከፍቶ በአሥር ሰከንድ አይቶ ይመልሳል።

ከወዲያኛው_ወንበር
ሌላ ነገር አትጨምሪበት። ዋጋም አሁን አትጥሪ።

ማታ_ማታ
ላክሁት። «እየጻፈ ነው» ይላል።

ብርቱካን_ቢ
ቴክስት አደረግኩት፣ ሠራ! ግን የድሮዎቹ ስልክ ቁጥሮች ዜሮ አልተመለሰላቸውም፤ ምን ላድርግ?

ጥግ_ላይ
ሁሉም እኩል ርዝመት ነበራቸው? 😂